ዘፋኙ «ተጠቀሚበት» ስላለሽ ግጥሙ ተፈቀደ ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ፣ ስለ ብቸና ልጅነቴ የጻፍኩት መጽሐፍ በሚቀጥለው ወር ማተሚያ ቤት ይገባል። ውስጡ የአንድ የድሮ ካሴት ዘፈን ግጥም ሙሉውን አለ፣ የአንድ ሟች ገጣሚ ግጥም አለ፣ አባቴ ደጀን ላይ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ጠጅ ይዞ የተነሳው ፎቶም አለ። ዘፋኙን በዘመድ አግኝቼው በስልክ ‹ተጠቀሚበት የኔ ልጅ› ብሎኛል፣ ፎቶው የቤታችን ነው፣ ገጣሚው ደሞ ሞቷል። ስማቸውንም ከስር እጽፋለሁ። ይበቃል ወይ?»

ሰላም እህቴ። አይበቃም፣ ግን ያን ያህል ሩቅም አይደለሽም። ሦስቱም ላይ ያሳሳተሽ ነገር አንድ ነው፣ ዕቃው እጁ ላይ ያለውን ወይ ድምፁ የሚሰማውን ሰው ባለቤት አርገሽዋል። ዘፋኙ ዘፈኑን ዘፈነው እንጂ ግጥሙን ላይጽፈው ይችላል፣ ፎቶው አልበማችሁ ውስጥ መኖሩ ወረቀቱን ነው ያንቺ የሚያረገው፣ ገጣሚው ቢሞትም ወራሾቹ አሉ። ስም ከስር መጻፉ ደሞ ግዴታ ነው፣ ግን ፈቃድን አይተካም፣ ሰው በሬሽን ወስጄ የማን እንደሆነ ለሁሉም ተናግሬያለሁ ቢልሽ ምን ትይዋለሽ?

ከዘፈኑ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዛ ላይ ስለሆነ።

ካሴቱ ቤት ካለ ሽፋኑን አውጪው፣ ያቺን የምትተጣጠፈዋን ወረቀት። በውስጥ በኩል ከዘፈኖቹ ዝርዝር ጎን ወይ ከታች በደቃቅ ፊደል «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» ተብሎ ስም ተጽፏል። አንቺ መጽሐፍ ላይ የምታትሚው ቃሉን ብቻ ስለሆነ የምትፈልጊው «ግጥም» ከሚለው ፊት ያለውን ሰው ነው። ዜማ ደራሲው የሚያገባው ኖታውን ካተምሽ ነው፣ አቀናባሪውም እንደዛው። የካሴቱ አሳታሚ መብት ያለው ቅጂው ላይ ማለትም የተቀረጸው ድምፅ ላይ ነው፣ ስለዚ ቃሉን በወረቀት ስታትሚ እሱን አልነካሽም። ግን አንዳንድ ሰው አሁን አሁን መጽሐፉ ላይ ኪውአር ኮድ አርጎ «ዘፈኑን እዚ ስሙት» ይልና ራሱ የጫነው ፋይል ላይ ይወስድሻል፣ ያን ካረግሽ ግን ዘፋኙም አሳታሚውም ዜማ ደራሲውም ሁሉም መጡብሽ ማለት ነው። የሽፋኑን ፎቶ ለጌጥ ማተምም ለብቻው ሌላ ፈቃድ ነው፣ ፎቶውን ያነሳና ሽፋኑን የሠራ ሰው አለ።

«ግጥም» ከሚለው ፊት የዘፋኙ የራሱ ስም ካለ ጨርሰሻል፣ ስልክ ላይ ያለሽን ወረቀት ላይ ማስፈር ብቻ ነው የሚቀርሽ። የሌላ ሰው ስም ካለ ግን ዘፋኙ በቅንነት የሌላ ሰው ነገር ነው የሰጠሽ። እዚ ጋ «ግጥሙን እኮ ገዝቼዋለሁ» ሊልሽ ይችላል፣ እውነቱንም ሊሆን ይችላል፣ እኛ ሀገር ግጥም በቁርጥ ዋጋ መሸጥ የተለመደ ነው። ያኔ የገዛበትን ወረቀት አሳየኝ በይው፣ አይዞሽ ነውር አይደለም። አዋጁ (የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላ በ872/2007 የተሻሻለው) መብት ሲተላለፍ ወይ ፈቃድ ሲሰጥ በጽሑፍ ይሁን ነው የሚለው። ብዙ ጊዜ የምታገኚው ግን አንድ መስመር ናት፣ «ይሄን ግጥም እንዲዘፍነው በዚህን ያህል ብር ሰጥቼዋለሁ» ትላለች። እንዲዘፍነው እንጂ መጽሐፍ ላይ እንዲያሳትመው አላለም፣ በግልጽ ያልተሰጠው ደሞ ጸሐፊው ጋ ነው የቀረው። ስለዚ እኔ ብሆን ሁለቱንም አስፈርም ነበር፣ ግጥም ደራሲው ፈቃጅ ሆኖ፣ ዘፋኙ ደሞ ተቃውሞ የለኝም ብሎ። ግጥም ደራሲውን የት እንደማገኘው አላውቅም ካልሽ ራሱ ዘፋኙ ያውቀዋል፣ አንድ ሻይ ጠጥተሽ ስልኩን ተቀበይው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ጎጃም ላይ በተለይ። ሽፋኑ ላይ «ግጥም፦ የሕዝብ» የሚል ልታገኚ ትችያለሽ። ሰርግ ላይ የሚባለው፣ የአዝማሪው፣ የፉከራውና የቀረርቶው፣ የሙሾው ስንኝ ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ እሱን ከአያትሽ አፍ ሰምተሽ ብትጽፊው ማንንም አትጠይቂም፣ ከማን እንደሰማሽው ብታነሺ ደግ ነው በቃ። ችግሩ የካሴቱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አዝማቹን ከሕዝብ ወስደው መሀል ላይ አዲስ ስንኝ ይጨምሩበታል። አዲሱ የጨመረው ሰው ነው። እንዴት ይለያል? ዕድሜ ጠገብ ሰዎችን ጠይቂ፣ ካሴቱ ሳይወጣ በፊት የሚያውቁትን ስንኝ በሉልኝ በያቸው፣ እነሱ የሚሉት የሕዝቡ ነው፣ ካሴቱ ላይ ብቻ የሚገኘው የሰው ነው ብለሽ ያዥው። ፍጹም መለያ አይደለም ግን ከምንም ይሻላል።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ፣ እኔም በዚሁ ተበልቻለሁና። ከዓመታት በፊት ባሕር ዳር ላይ የአንድ ሰው ማስታወሻ አርታኢ ነበርኩ፣ ውስጡ የዘፈን ግጥም ነበረ፣ ልክ እንዳንቺ ዘፋኙን ብቻ ጠይቀን 1000 ኮፒ አሳተምን። ወደ 300 ከተሸጠ በኋላ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከሞጣ ደወሉ፣ ግጥሙ የሳቸው ነው። እኔ ገንዘብ ሊጠይቁ ነው ብዬ ስጠብቅ ሰውየው የተቆጡት በሌላ ነገር ነው። ስንኙ ውስጥ «አባይ» የሚል ቃል ነበረ። ሲዘፈን ባን ጠበቅ ስታረጊው ወንዙ ነው፣ ላላ ስታረጊው ዋሾ ነው፣ ሰውየው ለፍቅረኛቸው የጻፉት በወንዙ አስመስለው አባይ ነሽ፣ ዋሾ ነሽ ለማለት ነው። እኔ ደሞ አርታኢ ነኝ ብዬ ወንዙ በዓይኑ «ዓ» ይጻፋል ብዬ «ዓባይ» ብዬ አስተካክዬዋለሁ! ሰሙን አስቀርቼ ወርቁን ጣልኩት። «ልጄ፣ ቅኔ ቤት ብትሆን ይሄን በአርጩሜ ነበር የምንማማረው» አሉኝ። የቀሩት 700 መጽሐፎች ላይ ያን ቅጠል ቆርጠን አዲስ ለጠፍን፣ ለሳቸውም ካሳ ከፈልን፣ ከኔ ኪስ።

ይሄን ያመጣሁት ፈቃድ ማለት እሺ ማስባል ብቻ ስላልሆነ ነው። የኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፣ አንቺ ደሞ ግጥሙን ከካሴት እየሰማሽ ነው የጻፍሽው፣ የተሳሳተ ጆሮ የሰማውን ነው የምታትሚው። ስለዚ ደብዳቤውን ስትልኪ በመጽሐፉ ላይ የሚወጣውን ገጽ ራሱን፣ ሌይአውት የተሠራውን፣ አብረሽ ላኪ፣ መስመሩ የት እንደሚቆረጥ ሁሉ ይታይ። ደራሲው አንብቦ አርሞ ይፈርምበት። አዋጁም ሥራዬ ተዛብቶ ክብሬን በሚነካ መንገድ አይውጣብኝ የማለት መብት ለደራሲው ሰጥቶታል፣ ስሜ ይጠቀስ የማለቱም እንደዛው።

ደብዳቤውን አታስረዝሚው፣ ግን ያልጻፍሽውን እንዳልተሰጠሽ ቁጠሪው። እኔ የምጠቀምበት እንዲህ ነው፣ ስሙን እየሞላሽ ውሰጂው፦

«እኔ … የተባልኩ፣ … በሚል ርዕስ ለተዘፈነው ዘፈን የግጥሙ ደራሲና የመብቱ ባለቤት ስሆን፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በተያያዘው ገጽ ላይ እንደሚታየው 16ቱንም መስመር፣ ወ/ሮ … በሚያሳትሙት … በተባለ መጽሐፍ ውስጥ በወረቀትና በኤሌክትሮኒክ እትም፣ በመጀመሪያውም ሆነ በሚቀጥሉት እትሞች፣ በአማርኛ እንዲያወጡት ፈቅጃለሁ። ፈቃዱ ለዚህ መጽሐፍ ብቻ ነው፣ ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት አያስችልም፣ እኔም ግጥሙን በሌላ ቦታ እንዳላሳትም አይከለክለኝም። ከግጥሙ ስር ‹ግጥም፦ …፣ በፈቃድ የታተመ› ተብሎ ይጻፋል። ለዚህም … ብር እና 5 ኮፒ መጽሐፍ ተቀብያለሁ። ይህ ሥራ የራሴ መሆኑንና ለሌላ ሰው የማሳተም መብቱን ያልሰጠሁ መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

ቀን፣ ፊርማ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ሁለት ምስክር። «በሚቀጥሉት እትሞች» የሚለውን እንዳትረሺ፣ እሱን ሳይጽፉ ለአንድ እትም ብቻ ተፈቅዶላቸው ሁለተኛው ላይ ዋጋ የተሰቀለባቸው ሰዎች አሉ። «ኤሌክትሮኒክ» የሚለውም እንደዛው፣ ዛሬ በወረቀት ብቻ ነው የምትይው መጽሐፍ ነገ በአፕ ይሸጣል፣ ወይ በድምፅ ይተረካል (በድምፅ ካሰብሽ እሱን ለብቻው ጨምሪው፣ ግጥሙን ማንበብና በዜማ ማለት ደሞ አንድ አይደሉም)። ዋጋው ላይ የተቆረጠ ተመን የለም፣ በስምምነት ነው፣ ስንት ኮፒ እንደምታሳትሚ በግልጽ ንገሪውና ተነጋገሩ። ያው 500 ኮፒ ለሚያሳትም ሰው ብዙዎቹ መጽሐፉን ስጪኝ ነው የሚሉት። በነጻ ከሰጠሽም «ያለ ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ፣ ባዶ እንዳይተው።

ቴሌግራም ላይ «እሺ ተጠቀሚ» ብሎ የጻፈልሽ ካለ አትሰርዢው፣ ስክሪንሹት አርገሽ አስቀምጪ፣ ግን እሱ ማስታወሻ ነው፣ ወረቀቱን አይተካም። የስልኩ ወሬማ በቃ ወሬ ነው።

ፎቶው ቀላል ነው ብዬ አስባለሁ፣ ጀርባውን ካየሽው። አሁን ከአልበሙ አውጪውና ገልብጪው፣ ፎቶ ቤቱ ማኅተም መቶበት ወይ አባትሽ በእስክሪብቶ ቀን ጽፎበት ይሆናል። በአዋጁ የፎቶግራፍ ሥራ የሚጠበቀው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው፣ እንደ ግጥም እድሜ ልክና 50 ዓመት አይደለም። ጀርባው ላይ «ጥቅምት 1978» የሚል ካለ 25ቱ ዓመት 2003 ላይ አልቋል፣ ፎቶ አንሺውን ፍለጋ ደጀን መውረድ አይጠበቅብሽም። ቀን ከሌለው በልብሱ በመኪናው ገምቺ፣ የማስረጃ ነገር ስለሆነ ግን በሕይወት ካሉት ጓደኞቹ አንዱ መቼ እንደተነሱ ቢጽፍልሽ ጥሩ ነው። ጀርባውንም ከፊቱ ጋር ስካን አርገሽ አብረሽ አስቀምጪ። ፎቶው አዲስ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ 2005 ላይ የተነሳ፣ ያኔ ማን አዘዘ የሚለው ይመጣ ነበር። ሌላ ስምምነት ከሌለ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ጥቅሙ የአዛዡ ነው የሚለው አዋጁ፣ አባትሽ ከፍሎ ፎቶ ቤት ከተነሳ የቤተሰቡ ነው ማለት ይቻላል። ጓደኛው በገዛ ካሜራው ካነሳው ግን የጓደኛው ነው፣ የጋዜጣ ፎቶ ከሆነ ደሞ የጋዜጣው።

ይሄ ሁሉ ስለ ፎቶው ነው። ፊቱ ሌላ ጉዳይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ አባዝተህ አትሽጥ፣ በአደባባይ አታውጣ ይላል፣ 28 ላይ ደሞ ሰውየው የታወቀ ወይ ባለሥልጣን ከሆነ፣ ወይ ፎቶው ከሕዝብ ጉዳይና ከአደባባይ በዓል ጋር የተያያዘ ከሆነ አያስፈልግም ይላል። አባትሽና ሦስት ጓደኞቹ ጠጅ ይዘው የተነሱት ፎቶ እዚ ውስጥ አይገባም። በሕይወት ያሉትን ጠይቂ፣ ለሞቱት ለልጆቻቸው ንገሪያቸው። ሕጉ ባይኖርስ፣ ብቸና ላይ የሰውን አባት ጠጅ ይዞ በመጽሐፍ አውጥተሽ በነጋታው ለቅሶ ቤት ልትገናኙ ነው እኮ።

ለኅትመት ጥራቱ አንድ ነገር ብቻ፣ በቴሌግራም የተላከልሽን ፎቶ አትጠቀሚ፣ ይጨምቀዋል። ወረቀቱን ራሱን ስካነር ላይ አስገብተሽ በ600 ዲፒአይ አስነሺው። ገጹ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይዞ በ300 ዲፒአይ ለመውጣት ወደ 1200 ፒክስል ያህል ይፈልጋል፣ ከዛ በታች ከሆነ ማተሚያ ቤቱ ያትምልሻል፣ የሚወጣው ግን ጉም ነው።

ወደ ገጣሚው። በጣም የሚያስቸግርሽ እሱ ነው፣ ከነገ ጀምሪ። የግጥም መብት ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላ ደሞ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይቆያል። በ1990 ከሞተ እስከ 2040 ማለት ነው። መጽሐፉን ገልጠሽ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ከሚለው አጠገብ የማን ስም እንዳለ እይ። ብዙ ሰው እዛ ገጽ ላይ የማተሚያ ቤቱን ስም አይቶ እዛ ይሄዳል፣ ማተሚያ ቤቱ ግን ቀለምና ወረቀት ነው ያቀረበው፣ መብት የለውም። አሳታሚ የሚል ስም ካለ እሱን ጠይቂ፣ ከሌለ ገጣሚው ራሱ ነው ያሳተመው፣ ስለዚ ወራሾቹ ጋ ነሽ።

ወራሽ ጋ ስትደርሺ መጀመሪያ ያገኘሻት ልጁ ደስ ብሏት «አባዬን ስላስታወስሽው እግዜር ይስጥሽ» ብላ ልትፈርምልሽ ትችላለች። ስንት ናችሁ ብለሽ ጠይቂያት። አምስት ከሆኑ የአንዷ ፊርማ የአንዷ ብቻ ነው፣ መብቱ የጋራቸው ነው፣ አራተኛው ወንድም ከእህቱ ጋር በቤት ጉዳይ ተካሰው ቢሆን ያንቺ መጽሐፍ መሀል ላይ ይገባል። ከፍርድ ቤት የወጣ የወራሽነት ማስረጃ ይኖራቸዋል፣ እሱ ላይ ያሉት ሁሉም ይፈርሙ፣ ወይ ሁሉም ለአንዱ ውክልና ሰጥተው ከሆነ የውክልናውን ኮፒ ተቀብለሽ እሱ ብቻ ይፈርም።

ካላገኘሻቸው ወይ ካልመለሱልሽስ? ዝምታ እሺ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ ማለትም ፈቃድ አይሆንም። ያለሽ መንገድ ጥቅስ ነው። ታትሞ ከወጣ ሥራ ላይ ለጉዳይሽ የሚበቃሽን ያህል ብቻ ወስደሽ፣ ምንጩንና ደራሲውን ጠቅሰሽ መጥቀስ ያለ ፈቃድ ይቻላል። ቁም ነገሩ ግን «ለጉዳይሽ» የምትለው ናት። ሁለቱን ስንኝ አውጥተሽ፣ ይሄ ስንኝ አባቴ ከብት ሲያግድ የሚያዜመው ነው፣ እዚ ቃል ላይ ድምፁን ዝቅ ያረግ ነበር ብለሽ ስለ ስንኙ ከተናገርሽ ጥቅስ ነው። ምዕራፍ መክፈቻ ላይ ብቻውን በጌጥ ከተቀመጠ ግን ስለሱ ምንም አላልሽም፣ ለማሳመር ነው የወሰድሽው፣ እሱን እኔ ያለ ፈቃድ አላሳትምም። ሙሉ ግጥሙን አትሞ ጥቅስ ነው ማለትማ አያዋጣም፣ አጭርም ቢሆን ሙሉው ሙሉ ነው። ለትርፍ አይደለም የሚለውም አያድንሽም፣ መጽሐፉ ላይ ዋጋ ይጻፍበታል አይደል።

ጊዜሽ አጭር ስለሆነ ሌይአውት ለሚሠራልሽ ልጅ ዛሬውኑ ይሄን ንገሪው፦ የሟቹን ግጥም ለብቻው በአንድ ቅጠል ላይ፣ በቀኝ ገጽ ጀምሮ ጀርባው ባዶ ሆኖ ያስቀምጠው፣ ማውጫው ላይም ስሙ አይግባ። ወራሾቹ እስከ መጨረሻው ቀን ካልፈረሙ ያ ቅጠል ይወጣል፣ ከኋላው ያሉት የገጽ ቁጥራቸው ብቻ በሁለት ይቀንሳል፣ ጽሑፉ ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። ቅጠሏ ስትወጣ ማውጫው ላይ ከዛ በኋላ ያሉት ምዕራፎች ቁጥርም በሁለት እንዲስተካከል አስታውሺው፣ እሱን ነው ሁሌ የሚረሱት። ቅጠሉን ከማውጣት ይልቅ በጥቅስ ልትተኪው ካሰብሽ ደሞ እዛው ቅጠል ላይ የምታስገቢውን ሁለት ስንኝና ስለሱ የምትይውን አንድ አንቀጽ አሁኑኑ ጽፈሽ ለብቻው በፋይል አስቀምጪው፣ ያኔ የገጽ ቁጥሩ አይቀየርም። ማተሚያ ቤቱ የመጨረሻውን ፊልም ወይ ፕሌት ከማውጣቱ በፊት ያለው ቀን ስንት እንደሆነ ጠይቂና የዘፈኑን ደብዳቤ ከዛ በፊት አስፈርሚ። የካሴቱን ሽፋን ውስጥ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ «ግጥም» የሚለው ፊት ማን እንዳለ አብረን እንየው።